«ማስያዣ» ቀብድ አይደለም፦ የሆቴል የጉዳት ማስያዣና የኃላፊነት ውል በግልጽ አማርኛ

የሆቴል መመዝገቢያ ቅጽ ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ አለው። በፊተኛው ገጽ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የክፍል ቁጥርና የመግቢያና የመውጫ ቀን ይሞላል። በጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመ የእንግሊዝኛ ውል አለ። አስተናጋጁ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ብሎ ጣቱን የሚያሳርፈው በፊተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው፤ ፊርማው ግን የጀርባውንም ገጽ ይሸፍናል።

አንዳንድ ሆቴሎች ከጀርባው የአማርኛ ትርጉም ይጨምራሉ። ይሁን እንጂ ትርጉሙ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሚሆን፣ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ «ታዲያ ምን እከፍላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ውል ወደሚገባ አማርኛ ለሚመልሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ለሚፈርሙትም ይጠቅማል። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ ለሠርግ የመጣ ቤተሰብ ቢሾፍቱ በሚገኝ ሪዞርት ሁለት ሌሊት ያድራል፤ የሁለቱ ሌሊት ኪራይ 9,000 ብር ነው፤ ሲገቡ 5,000 ብር ዳሜጅ ዲፖዚት ይጠየቃሉ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ቃል ራሱ

ችግሩ የሚጀምረው «ዲፖዚት» ከሚለው ቃል ነው። ብዙ ተርጓሚ «ቀብድ» ብሎ ያልፈዋል፤ ቃሉ ለሁሉም የታወቀ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ቀብድ በአማርኛም በሕግም የራሱ ቁርጥ ያለ ትርጉም አለው። ቤት ሲከራይ፣ በሬ ሲገዛ፣ ድንኳን ሲታዘዝ የሚከፈል ቀብድ በመጨረሻ ከዋጋው ይታሰባል። ስለዚህ «5,000 ብር ቀብድ» ብሎ ያነበበው የቤተሰቡ አባት በመውጫው ቀን 4,000 ብር ቆጥሮ ይቀርባል፤ 9,000 ሲጠየቅ ይደነግጣል። ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም፤ የተጻፈለትን ነው ያነበበው።

በሕጉ በኩል ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ሆቴሉ ለተሰበረ መስታወት ብሎ የያዘውን ገንዘብ በቅጹ ላይ «ቀብድ» ካለው፣ ክፍሉን መስጠት ሳይችል ሲቀር እንግዳው 10,000 ብር ይመለስልኝ ብሎ ለመከራከር በር ይከፈትለታል። ሆቴሉ ይህን አላሰበውም፤ ያደረገው ቃሉ ነው።

«ዋስትና» የሚለውም አይሆንም። ዋስትና ሲባል ሰው የሚታየው ዋስ፣ ማለትም ስለ ሌላው የሚከፍል ሦስተኛ ሰው ነው። «መያዣ» ደግሞ መታወቂያ ወይም ዕቃ ተይዞ የሚቀር ያስመስላል። «ተቀማጭ» ባንክ ቤትን ያስታውሳል። የሚሻለው «ተመላሽ የጉዳት ማስያዣ» ነው፤ ሦስቱም ቃላት ሥራ አላቸው። «ተመላሽ» የሚለው ገንዘቡ የእንግዳው መሆኑን ይናገራል፣ «የጉዳት» የሚለው ለምን እንደተያዘ፣ «ማስያዣ» የሚለው ደግሞ ክፍያ አለመሆኑን። ከዚያ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦

«ይህ 5,000 (አምስት ሺህ) ብር የክፍል ኪራይ አይደለም፤ ከኪራዩም አይታሰብም። በክፍሉ ላይ ጉዳት ካልደረሰ ሲወጡ ሙሉው ይመለስልዎታል።»

አከፋፈሉም ትርጉሙን ይለውጠዋል። በካርድ ሲሆን ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን አይወስዱም፤ በእንግሊዝኛው ፕሪ-ኦተራይዜሽን የሚባለውን ያደርጋሉ። ይህን «ቅድመ ፈቃድ» ብሎ መተርጎም ምንም አይነግርም። ማለት የሚያስፈልገው «ገንዘቡ ከሂሳብዎ አይወጣም፤ ነገር ግን ባንክዎ እስኪለቀው ድረስ ሊያወጡት ወይም ሊጠቀሙበት አይችሉም» ነው። በቴሌብር፣ በባንክ ማስተላለፊያ ወይም በጥሬ ገንዘብ ሲሆን ግን ገንዘቡ በእርግጥ ከእንግዳው እጅ ወጥቷል። ስለዚህ ቅጹ በየትኛው ስልክ ወይም ሂሳብ ቁጥር፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ መናገር አለበት። ለማስያዣውም ከኪራዩ የተለየ ደረሰኝ ይሰጥ። በአንድ ደረሰኝ 14,000 ብር ተደምሮ ከተጻፈ፣ ከወር በኋላ የትኛው ተመላሽ እንደነበር ማሳየት አስቸጋሪ ነው።

«ተጠያቂ ነው» ማለት ስንት ብር ነው?

የእንግሊዝኛው ሁለተኛ አንቀጽ እንግዳው ለማንኛውም ጉዳት ላያብል ነው ይላል። የተለመደው ትርጉም «እንግዳው ለሚደርሰው ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት ይወስዳል፤ በሕግም ተጠያቂ ይሆናል» ነው። ይህ አማርኛ ያስፈራል እንጂ አያስረዳም። «በሕግ ተጠያቂ» ሲባል ብዙ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይታየዋል፤ እዚህ ያለው ጉዳይ ግን የገንዘብ ክፍያ ብቻ ነው። «ኃላፊነት ይወስዳል» የሚለውም ሁለት ትርጉም አለው፦ አንዱ ዕቃውን የመጠበቅ ግዴታ፣ ሌላው ከጠፋ የመክፈል ግዴታ። ውሉ የፈለገው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ግሡ «ይከፍላሉ» ይሁን።

«ከማስያዣው ይቆረጣል» የሚለው አጻጻፍም መታረም አለበት፤ ማን እንደሚቆርጥ፣ ማንን አሳይቶ እንደሚቆርጥ አይናገርም። «ሆቴሉ የተጎዳውን ዕቃ አሳይቶዎት፣ ዋጋውንም በጽሑፍ ሰጥቶዎት ከማስያዣው ይቀንሳል» ሲባል ግን ሠራተኛውም ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚያው ያነባል።

ከሁሉ በላይ እንግዳውን የሚያሳስተው የክፍያው ጣሪያ ነው። እንግሊዝኛው ማስያዣው ለጉዳቱ «ማካካሻ ሊውል ይችላል» ይላል፤ ያ ማለት ጉዳቱ ከበለጠ ተጨማሪ ይጠየቃል ማለት ነው። አማርኛ አንባቢ ግን «5,000 ብር አስይዤአለሁ፣ የሚመጣብኝ ቢበዛ 5,000 ነው» ብሎ ያስባል፤ ምክንያታዊ ግምት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ በግልጽ ይጻፍ፦ «ጉዳቱ ከ5,000 ብር ካነሰ ቀሪው ይመለስልዎታል፤ ከበለጠ ልዩነቱን ይጨምራሉ።» ሆቴሉ በተቃራኒው ጣሪያ ማድረግ ከፈለገ «ከ5,000 ብር በላይ አይጠየቁም» ይበል። ሁለቱም ሕጋዊ ምርጫ ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን ምርጫ አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ተርጓሚ «ጉዳት ከደረሰ እንግዳው 5,000 ብር ይቀጣል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከማስያዣ ወጥቶ በሕግ ቋንቋ «ገደብ» ወደሚባለው፣ አስቀድሞ ወደተቆረጠ የካሳ መጠን ያልፋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ የሚናገረው ስለዚህ ነው። ገደብ ትክክለኛው ጉዳት ስንት እንደሆነ ሳይመዘን የሚከፈል ነው። እናም በ200 ብር ብርጭቆ 5,000 ብር የሚያስከፍል ውል ይወጣል፤ እንግሊዝኛው ያላለውን።

እርጅናና ጉዳት፣ ጥገናና መተካት

ኖርማል ዌር ኤንድ ቴር የሚለው ሐረግ «መደበኛ መልበስና መቀደድ» ተብሎ ሲተረጎም ሰው ስለ ልብስ ያስባል። ትርጉሙ «ዕቃው በአግባቡ ሲገለገሉበት በጊዜ ብዛት የሚመጣ እርጅና» ነው፤ ለዚህ እንግዳው አይከፍልም። ግን ትርጉሙ ብቻውን አይበቃም፤ ምሳሌ ይጠይቃል። የሳሳ አንሶላ፣ የላላ የበር እጀታ፣ የደበዘዘ መጋረጃ፣ ክዳኑ የላላ የውኃ ማፍያ እርጅና ናቸው። በማፍያው ወተት አፍልቶ ማቃጠል፣ ፎጣ ላይ የእንሶስላ ወይም የፀጉር ቀለም ማስቀረት፣ ምንጣፍ ላይ የዕጣን ከሰል መጣል፣ ፍራሽን በሲጋራ መብሳት ግን ጉዳት ናቸው። የውጭ አገር ሆቴል ቅጽ ስለ ከሰልና ዕጣን ምንም አይልም። እዚህ ግን ክፍል ውስጥ ቡና ማፍላት ያለ ነገር ነውና፣ ከተከለከለ «በክፍሉ ከሰል ማቀጣጠል አይቻልም» ተብሎ ይጻፍ፤ «ተቀጣጣይ ነገሮችን መጠቀም ክልክል ነው» ሲባል ሰው ቤንዚን እንጂ ጀበናና ማጨሻ ትዝ አይለውም።

አሁን ምሳሌአችንን እናስላ። ቤተሰቡ ሲወጣ ክፍሉ ታየ። አንድ ትልቅ ፎጣ የእንሶስላ ቀለም ነክቶት አልለቅ ብሏል፣ ዋጋው 1,400 ብር። ምንጣፉ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው የከሰል ቃጠሎ አለ፤ ምንጣፍ የሚጠግን ሰው ቁራጩን ለመለወጥ 2,600 ብር ጠይቋል። የማፍያው ክዳን ላልቷል፣ ይህ እርጅና ነው። ድምሩ 4,000 ብር፤ ተመላሹ 1,000 ብር።

እንግሊዝኛው ግን እንዲህ አላለም። የሚለው «ሆቴሉ በራሱ ብቸኛ ውሳኔ በሚተምነው ሙሉ የመተኪያ ዋጋ» ነው። በዚህ መሠረት የሚተካው ቁራጩ ሳይሆን ምንጣፉ ነው፤ የክፍሉ ሙሉ ምንጣፍ 38,000 ብር ከሆነ ቤተሰቡ ከማስያዣው በላይ 34,400 ብር ይጠየቃል። ምንጣፉ አራት ዓመት ያገለገለ መሆኑም አይታሰብለትም። ተርጓሚው ይህን አለዝቦ «ተመጣጣኝ ዋጋ» ብሎ ቢጽፈው እንግዳው ያልተጻፈለትን እየፈረመ ነው፤ ነገ እንግሊዝኛው ሲወጣ ይታለላል። ሥራው የተጻፈውን ሳያለሰልስ ማስቀመጥ ነው፦ «ሆቴሉ ዕቃውን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ሙሉ ዋጋ ይጠይቅዎታል። ዋጋውን የሚወስነው ሆቴሉ ብቻ ነው።» ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ማንበብ። ግልጹን አማርኛ የሰማ ሥራ አስኪያጅ ብዙውን ጊዜ «እኛ እኮ እንዲህ አናስከፍልም» ይላል። እንግዲያው ዋናው እንግሊዝኛ ይስተካከል፦ መጠገን የሚቻለው በጥገና ዋጋ፣ የማይጠገነው ያገለገለበት ዘመን ታስቦ፣ ለዘወትር ዕቃዎች ደግሞ በክፍሉ ውስጥ በተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር። ትርጉሙ ብቻውን ተስተካክሎ እንግሊዝኛው እንዳለ ከቀረ ሁለት ውል ተፈጠረ ማለት ነው።

የዋጋ ዝርዝሩም ሆነ ሒሳቡ የሚሠራው ክፍሉ ሲገቡ ምን ይመስል እንደነበር ከታወቀ ነው። ከመመዝገቢያው ጋር ግማሽ ገጽ የክፍል ርክክብ ቅጽ ይኑር፤ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥንና ሪሞት፣ መስታወት፣ ማፍያ፣ የፎጣ ብዛት። እንግዳው ሻንጣውን ሳይፈታ አብሮ ያያል። ሲወጣም እንዲሁ፣ እሱ ቆሞ ሳለ። ከሄደ በኋላ በስልክ «ፎጣ ጎድሏል» የሚባል ነገር ጠብ ብቻ ነው።

እንግዳው ማን ነው?

እንግሊዝኛው ጌስት እና ቪዚተር ብሎ ሁለት ሰው ይለያል። በአማርኛ ሁለቱም እንግዳ ናቸው፤ የሆቴሉ እንግዳና የእንግዳው እንግዳ። «እንግዳው እንግዳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በእውነተኛ ቅጽ ላይ ሊገኝ የሚችል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፈራሚውን «እርስዎ»፣ ሊጠይቀው የሚመጣውን «ጠያቂዎ»፣ አብረውት የሚያድሩትን «አብረዎት ያረፉ» ማለት። «ውል ሰጪ» እና «ውል ተቀባይ» የሚለው የጽሕፈት ቤት ልማድ እዚህ አይጠቅምም፤ ሰው መሃል ላይ ሲደርስ የትኛው እሱ እንደሆነ ይጠፋዋል።

ይህ ልዩነት በጣም የሚያስፈልገው ኢንደምኒፋይ እና ሆልድ ሃርምለስ በሚለው አንቀጽ ላይ ነው። «እንግዳው ሆቴሉን ጉዳት አልባ አድርጎ ይይዛል» የሚል ትርጉም አማርኛ ተናጋሪ ጨርሶ አይገባውም፤ ከቅጹ ሁሉ የከበደው ግዴታ ግን ያ ነው። ማለት የፈለገው ይህን ነው፦ «ሊጠይቅዎት የመጣ ሰው በእርስዎ ወይም በእሱ ጥፋት ተጎድቶ ሆቴሉን ቢከስ፣ ሆቴሉ የሚከፍለውን ካሳና የጠበቃ ወጪ እርስዎ ይተካሉ።» እንግሊዝኛው «በእርስዎ ጥፋት» የሚል ገደብ ከሌለው በአማርኛውም «የማንም ጥፋት ቢሆን» ተብሎ ይጻፍ። ለአንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው እንዲህ ያለ ግዴታ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ሆቴሎች ቢያወጡት ወይም ቢያጠብቡት ይሻላል።

«ሆቴሉ ኃላፊነት አይወስድም»

ይህን ሐረግ በመኪና ማቆሚያም፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትም፣ በመዋኛም እናየዋለን። እንግሊዝኛው «በማናቸውም ምክንያት ለሚደርስ መጥፋት ወይም ጉዳት» ሲል አማርኛውም ሁሉን ጠቅልሎ ይክዳል። አንባቢው ግን ሁለት ነገር ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል፦ ሌላ ሰው ዕቃዬን ከሰረቀኝና የሆቴሉ ሠራተኛ በቸልተኝነት ካጠፋው አንድ ነውን? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1887 ተዋዋዮች ጥፋት ካልሠሩ ኃላፊ እንዳይሆኑ መስማማት እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ስለ ሆቴልና ስለ እንግዳ ዕቃም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስለዚህ ጤናማው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦ «ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ላፕቶፕና ፓስፖርት በክፍሉ ካዝና ይቆልፉ ወይም ለመቀበያ ክፍል አስረክበው ደረሰኝ ይውሰዱ። ይህን ሳያደርጉ ቢጠፋ፣ በእኛ ወይም በሠራተኞቻችን ጥፋት ካልሆነ በቀር፣ አንከፍልም።» «ውድ ዕቃ» ብሎ ብቻ መተው አይበቃም፤ አንዱ ስልኩን ውድ ሲለው ሌላው የእናቱን ነጠላ ይላል።

ማስታወቂያን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ሆቴሉን አያድነውም። በዚያው ሕግ ቁጥር 1686 መሠረት አንድ ወገን ለሥራው ያዘጋጃቸው ጠቅላላ ደንቦች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት፣ በመንግሥት ባለሥልጣን የወጡ ወይም የጸደቁ ካልሆኑ በቀር፣ ደንቡን አውቆ ከተቀበለው ነው። በማያነበው ቋንቋ ከጀርባ የታተመ ደንብ «አውቆ ተቀብሏል» ለማለት አያመችም። ግልጽ አማርኛ እንግዳውን ብቻ ሳይሆን ሆቴሉንም የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው።

በዚሁ ምክንያት «በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ከተገኘ እንግሊዝኛው የበላይ ይሆናል» የሚለው የመጨረሻ መስመር ይጤን። አማርኛውን አንብቦ ለፈረመ ሰው አማርኛው የበላይ ቢሆን ነው ትክክሉ። ሆቴሉ እምቢ ካለ ግን ያ መስመር ከግርጌ ተነሥቶ ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር ይግባ።

ሰዓቱ

ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ነገር አለ። ቅጹ መውጫ 12፡00 ይላል። እንግሊዝኛው የሚለው እኩለ ቀንን ነው፤ አማርኛ አንባቢ 12 ሰዓት ሲል ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ምሽት ብሎ የተረጎመው ቤተሰብ ምሳ በልቶ፣ መዋኛ ገብቶ ሲመለስ የግማሽ ቀን ኪራይ ከማስያዣው ተቀንሶ ያገኘዋል። «ከቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የማስያዣው መመለሻ «በ7 የሥራ ቀናት» ከሆነም ቅዳሜ ይቆጠር አይቆጠር ይነገር፤ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላ። የዘገየ መውጫ ከማስያዣው የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ ማስያዣው ለጉዳት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ስያሜው ሥር ይህም ይገለጽ።

ሰው ላይ መሞከር

ትርጉሙ ሲያልቅ ሆቴል ውስጥ የማይሠሩ አምስት ሰዎች ያንብቡት፤ ከመካከላቸው አንዱ ብዙ ያልተማረ፣ አንዱ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ቢሆን መልካም ነው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ በይሉኝታ ሁሉም «አዎ» ይላል። ጥያቄው በብር ይሁን። 20,000 ብር የሚያወጣ ቴሌቪዥን ቢሰበር ስንት ይከፍላሉ? ምንም ሳይጎዳ ቢወጡ ስንት ይመለስልዎታል፣ በየት በኩል፣ መቼ? ወንድምዎ ሊጠይቅዎ መጥቶ መስታወት ቢሰብር ማን ይከፍላል? ካዝና ውስጥ ያልገባ ሐብል ቢጠፋስ? ከአምስቱ ሁለቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ከሳቱ ያ አንቀጽ እንደገና ይጻፍ።

በመጨረሻ በቅጹ ላይ አንድ ፊርማ ብቻ አይበቃም። የማስያዣው መጠን በአኃዝና በፊደል በተጻፈበት መስመር አጠገብ፣ እንዲሁም «ከበለጠ ልዩነቱን ይጨምራሉ» በሚለው አጠገብ እንግዳው አጭር ፊርማውን ያኑር። አንድ ቅጂ ከእሱ ጋር ይሂድ፤ የማስያዣውም ደረሰኝ ከቅጂው ጋር ይያያዝ።